ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ብሎክ ቢያብር አምፖል ያስር

ፎቶው ላይ የምታዩት የደረጃችን መብራት ነው። አዎ፣ ተራ አምፖል ነው። አዎ፣ በብረት ቀፎ ውስጥ ታስሯል፣ ቁልፍም ተቆልፎበታል። ፍርዱን ያጸደቀው መላው ብሎክ ነው። 😄

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አምፖል ይገዛል፣ ይሰቀላል፣ ሁለት ሌሊት ያበራል። በሦስተኛው ቀን ሆልደሩ ብቻውን አፉን ከፍቶ ይገኛል። ነዋሪው "ኮሚቴው ምን ይሠራል?" ይላል። ኮሚቴው "ነዋሪው መቼ ያዋጣል?" ይላል። እኛ ደግሞ በስልክ ባትሪ እየታገዝን እስከ አራተኛ ፎቅ እንወጣለን። ሊፍት እንደሌለ ታውቃላችሁ። በአንድ እጅ ስልክ፣ በአንድ እጅ አስቤዛ። ልጅ ያቀፈ ሰውማ እግዜር ይርዳው።

ያነቃቁን የሦስተኛ ፎቋ እማማ ናቸው። ከትንሣኤ ቅዳሴ ሌሊት ሲመለሱ ደረጃውን በጧፍ ወጡት። በጧፍ! በነጋታው ቡና ላይ "እኔ እንደ ዋሻ መናኝ ጧፍ ይዤ እየወጣሁ፣ እናንተ ፎቅ ቤት አለን ትላላችሁ?" አሉ። ማንም መልስ አልነበረውም። ፈንዲሻው እንኳ ዝም ብሎ ነው የተበላው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። "ውሃ መጣ እንዴ?" ከሚል ጥያቄ በቀር ምንም የማይጻፍበት የቴሌግራም ግሩፓችን ድንገት ሥራ ጀመረ። በየቤቱ 100 ብር፣ በቴሌብር። የላከ ሰው ደረሰኙን ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። ይቺ ነገር ጠቅማለች፤ ጎረቤቱ ሲከፍል እያየ ዝም የሚል ሰው ጥቂት ነው። ደረጃ የማይወጡት የግራውንድ ሰዎች ደግሞ ቀድመው ከፈሉ። ለእነሱ የተለየ ምስጋና ይገባቸዋል፣ እውነቴን ነው።

ቀፎውን የሠራልን በያጅ እዚሁ ብሎክ ነው የሚኖረው። የብረቱን ዋጋ ብቻ ተቀበለ፤ የእጁን "ለእማማ ጧፍ ይሁንልኝ" ብሎ ተወው። መብራቱ ከጋራ ቆጣሪው ነው፣ ካርዱን በተራ እንሞላለን። የቀፎው ቁልፍ እማማ ጋ ተቀምጧል። ከእሳቸው እጅ የሚወስድ ጀግና ካለ ይምጣ።

ትናንት ማታ ልጆቹ ያለምንም ምክንያት ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ አመሹ። የሚቆጣቸው ጠፋ።

ቀጣዩ ሥራ የጣሪያው ሮቶ እጥበት ነው፤ ዝርዝሩ ግሩፑ ላይ ይወጣል።

እና የአራተኛ ፎቁ ወንድማችን፣ ያንተ 100 ብር እስካሁን አልገባም። ማታ ማታ ስትወጣ ደግሞ እያየንህ ነው። መብራት አለ። 😉

#ብሎክ_ቢያብር #ጀሞ