የአረጋውያንን ዘፈኖች ለመቅዳትና ለመሰነድ የቀረበ የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ

ለተከበራችሁ የድጋፍ ገምጋሚ ኮሚቴ አባላት፣

እኛ 34 አባላት ያሉን የሰፈር የኅብረ ዝማሬ ቡድን ነን። አብዛኞቻችን ሙዚቃ እንጀራችን አይደለም። መምህር አለን፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር አሉ፣ ትምህርት ያልጨረሱ ልጆችም አሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ ተሰብስበን እንለማመዳለን።

የምንጠይቀው የ12 ወር ድጋፍ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአካባቢያችን የሚኖሩ 18 አረጋውያን የሚያውቋቸውን ወደ 120 የሚጠጉ ዘፈኖች በጥራት እንቀዳለን። ግጥማቸውን እንጽፋለን። መቼ፣ የት፣ በማን እንደሚዘፈኑ እንመዘግባለን። ከዚያ ደግሞ እዚያው አረጋውያኑ ፊት ተቀምጠን እንማራቸዋለን። ይህን ሥራ ለኅብረ ዝማሬ ቡድን ስጡ የምንለው በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ምክንያት ነው።

ለምን እኛ?

መቅጃ ይዞ መሄድ ማንም ይችላል። ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፉን እ.ኤ.አ. በ1877 ከሠራ ወዲህ ሰዎች ሲቀዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1899 ቪየና ውስጥ፣ በ1900 ደግሞ በርሊን ውስጥ የድምፅ መዛግብት ተቋቁመዋል። ስለዚህ መቅዳት አዲስ ነገር ነው አንልም። እኛ የምንጨምረው መልሶ መዝፈንን ነው።

በሙከራ ሥራችን ያየነውን እንንገራችሁ። አንዲት እናት እህል እየወቀጡ የሚዘፈን ዘፈን እንደሚያውቁ ሰምተን ቤታቸው ሄድን። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ማይኩ ፊታቸው ተተከለ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሁለት ቤት ዘፍነው ቀጥ አሉ። «ከዚህ ወዲያ ጠፋኝ» አሉን። የልጅ ልጃቸው ነች ነገሩ የገባት። ሙቀጫና ዘነዘና አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። መውቀጥ ሲጀምሩ ሦስተኛውም አራተኛውም ቤት ተከታትሎ መጣ። ግጥሙ ክንዳቸው ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ ተራው የእኛ ሆነ። የሰማነውን መልሰን ዘፈንንላቸው። እማማ ሳቁ። «ልጆቼ፣ ይሄ የተቀመጠ ሰው ዘፈን ነው። ክፍተቱን የት አደረሳችሁት?» አሉን። ክፍተት ያሉት በየስንኙ መካከል ያለችውን አጭር ዝምታ ነው። ዘነዘናው የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው። ቅጂውን ብቻ የሚሰማ ሰው እማማ ትንፋሽ አጥሯቸው ያቋረጡ ይመስለዋል፤ ዜማውን በኖታ የሚጽፍም ሰው ያቺን ዝምታ ሊዘላት ይችላል። እሳቸው እኛን ባያርሙን ኖሮ የዘፈኑ ግማሽ ነገር በፋይሉ ውስጥ ተቀምጦም አይታወቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሥራችን ቅደም ተከተል ይሄ ሆኗል። አንደኛ፣ አረጋዊው ወይም አረጋዊቷ ያለ ማቋረጥ ይዘፍናሉ። ሁለተኛ፣ እኛ መልሰን እንዘፍናለን። ሦስተኛ፣ እሳቸው ያርሙናል። መቅጃው በሦስቱም ጊዜ አይጠፋም። እርማቱን እንደ ዘፈኑ ሁሉ ዋና ሰነድ አድርገን እንይዘዋለን። «እዚህ ላይ አትጎትቱት»፣ «ይሄን ሴት ናት የምትቀበለው»፣ «ይሄ ስንኝ በቀን አይባልም» የሚሉ ንግግሮች በየትኛውም መጠይቅ ላይ አይገኙም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት መሰነድንም ለቀጣዩ ትውልድ ማስተላለፍንም የጥበቃ ሥራ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይሠራሉ። እኛ በአንድ ወንበር ላይ ልናስቀምጣቸው ነው ያሰብነው።

ምን ዓይነት ዘፈኖች?

የሥራ ዘፈኖች ይቀድማሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሥራው በማሽን ሲተካ ዘፈኑ የሚዘፈንበት ቦታ ያጣል። ቀጥሎ የልጅ ማባበያዎች አሉ። እነዚህን ብዙ አረጋውያን ዘፈን ብለው ስለማይቆጥሯቸው «ዘፈን ያውቃሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አያገኛቸውም፤ «ልጅ ሲያለቅስ ምን ይሉት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሰርግ፣ የጨዋታና የልቅሶ ዘፈኖችም ዝርዝራችን ውስጥ ናቸው። የልቅሶውን ግን አንገፋም። ያለ ሐዘን ማልቀስ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ ስለ ዘፈኑ ቢያወሩልን ይበቃናል።

አንድ ዘፈን በሁለት ሰዎች ዘንድ በሁለት ዓይነት መንገድ ከተገኘ ሁለቱንም እንይዛለን። የቱ ትክክል ነው ብለን አንዳኝም። በሌላ ቋንቋ የተዘፈነውም በተዘፈነበት ቋንቋ ይጻፋል፣ ትርጉሙ ከጎኑ ይቀመጣል።

እንዴት እንቀዳለን?

ድምፁ የሚቀዳው ባልታመቀ የዌቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ነው። ይህ የድምፅ መዛግብት የሚቀበሉት ደረጃ ነው። የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ አንድ ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። 60 ሰዓት ያህል እንቀዳለን ብለን ስላሰብን የድምፁ ማስቀመጫ ብዙ ወጪ የለውም። ወጪ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እንመጣበታለን።

ሁለት ማይክ እንጠቀማለን። አንዱ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ነው፣ ድምፁን ከቅርብ ይይዛል። ሌላው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ የእግሩን ምት፣ የእጁን ጭብጨባ፣ የተቀባዩን ድምፅ ይሰበስባል። እንደ እማማ ዘፈን ከሆነ የሙቀጫው ድምፅ ሰውዬውን እንዳይውጠው ሁለቱ በተለያየ ትራክ መቀዳት አለባቸው። ቪዲዮም አለ፣ ግን አንድ ቦታ ተተክሎ የማይንቀሳቀስ አንድ ካሜራ ብቻ። ዓላማው እጅና እግርን ማሳየት ነው።

ቅጂው ከተጠናቀቀ በኋላ ቃና አናስተካክልም፣ ማስተጋቢያ አንጨምርም፣ ከሥሩ ኪቦርድ አንከትም። ሳል ካለም ይቆያል። የተቆረጠና የተስተካከለ ቅጂ ለማዳመጫ ብናዘጋጅ እንኳ ዋናው ፋይል አይነካም። እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ቅጂ ይኖረዋል፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ሆኖ አንዱ ከመለማመጃ ቦታችን ውጭ ይቀመጣል።

ፈቃድና ባለቤትነት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መቅጃ ሳንይዝ ነው የምንሄደው። አረጋውያኑም ቤተሰባቸውም ምን እንደምንሠራ በደንብ ይጠይቁን። ፈቃድ የምንቀበለው በፊርማ ብቻ አይደለም፤ ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ፈቃዳቸውን በራሳቸው ቃል ተናግረው ይቀዳል። መሐል ላይ ተው ካሉ እንተዋለን። ከተቀዳ በኋላ ሐሳባቸውን ከቀየሩም ፋይሉ ይወጣል።

ለእያንዳንዱ ዘፈን ባለቤቱ ከአራት አንዱን ይመርጣሉ፦ ለማንም ክፍት፣ ለቡድኑ ብቻ፣ ለቤተሰብ ብቻ፣ ወይም እሳቸው እስከሚሉት ጊዜ የተዘጋ። ዘፈኖቹ ለንግድ አይውሉም። ወደፊት የሚጠይቅ ቢመጣ ከአረጋውያኑ ወይም ከወራሾቻቸው ጋር እንደ አዲስ መነጋገር ግድ ነው፣ ቡድኑ በእነሱ ስም አይፈርምም። የመጀመሪያው ቅጂ የሚደርሰው ለዘፋኙ ነው፣ ቤታቸው ባለው መሣሪያ ሊሰማ በሚችል መልኩ። ዘፍኖ የራስን ድምፅ አለመስማት ያስከፋል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ዝርዝሩ በቅጻችሁ ላይ ተሞልቷል፤ እዚህ የምንጽፈው አካሄዱን ነው። ከጠቅላላው 22 በመቶ ለአረጋውያኑ የሚከፈል ነው። ይህ ስጦታ ወይም የምስጋና ፖስታ አይደለም፣ የዕውቀታቸው ክፍያ ነው። ሌላ 22 በመቶ ግጥም ለሚጽፉ፣ ለሚተረጉሙና ዜማውን በኖታ ለሚያሰፍሩ ሰዎች ይሄዳል። ጊዜ የሚበላው ይሄ ነው። ሁለት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ አንድ ያልተለመደ ቃል ቢኖር ለእሱ ብቻ ተመልሶ ቤት ማንኳኳት ይመጣል። 18 በመቶ ለመሣሪያ፣ 15 በመቶ ለድምፅ ባለሙያ፣ 8 በመቶ ለአረጋውያኑና ለደጋፊያቸው መጓጓዣ ነው። የቀረው 15 በመቶ ለማስቀመጫ፣ ለአባላት ሥልጠናና ለመጠባበቂያ ነው። የቡድኑ አባላት ለልምምድም ለቀረጻም አይከፈላቸውም። የመለማመጃ አዳራሹንም አሁን እንደምናደርገው በነፃ እንጠቀማለን።

የጊዜ ሰሌዳ

ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ቀረጻ ነው። ጽሑፉ አይጠብቅም፣ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ጎን ለጎን ይሄዳል። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ወር የጻፍነውን ይዘን ወደ አረጋውያኑ ተመልሰን እናነብላቸዋለን፣ ያርሙታል። በ12ኛው ወር ቅጂዎቹን ከነሰነዳቸው ለቤተሰቦች፣ ክፍት የሆኑትን ደግሞ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እናስረክባለን፤ በዚያው ዕለት አረጋውያኑ ከእኛ ጋር ይዘፍናሉ፣ መዝፈን ያልፈለጉ ተቀምጠው ይዳኙናል።

ተራው የሚወጣው በጤናና በዕድሜ ነው እንጂ በዘፈን ብዛት አይደለም። የስም ዝርዝሩን ማዘጋጀት ከጀመርን ወዲህ ከ18ቱ መካከል የአንድ አባት ድምፅ በሕመም ተዘግቷል። እሳቸውን ከዝርዝሩ አላወጣናቸውም። ዜማውን በጣታቸው ጠረጴዛ እየመቱ ያሳያሉ፣ እህታቸው ግጥሙን ትላለች። እንዲህ ላለ ቀረጻ ከሌላው እጥፍ ጊዜ መድበናል።

ሥራው እንዴት ይለካ?

የተቀዳ ዘፈን ቁጥር በየሦስት ወሩ እንልካለን፣ ያ ቀላሉ ነው። እኛ ራሳችንን የምንለካበት ግን ሌላ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቢያንስ 40 ዘፈን ያለ ወረቀት መዝፈን አለብን፣ ደግሞም ዘፈኑን ያስተማረን ሰው «አዎ፣ እንዲህ ነው» ብሎ ሊያልፈን ይገባል። ያላለፍነውን አላለፍንም ብለን በሪፖርቱ እንጽፋለን። ሌሎች ዘፈኖችን ለመማር ጊዜ ላይበቃን ይችላል፤ ለዚያ ነው እርማቱም አብሮ የሚቀዳው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ዘፋኝ ካቆምንበት ይቀጥላል።

ኮሚቴው ሙሉውን መስጠት ካልቻለ የምንቀንሰው የአረጋውያኑን ቁጥር ነው፤ ከ18 ወደ 10 እንወርዳለን። ክፍያቸውን፣ ፈቃድ የምንጠይቅበትን ሁለት ወርና የእርማቱን ጊዜ ግን አንነካም። ካሜራውን መተው ካስፈለገ እንተዋለን፣ ሁለተኛውን ማይክ አንተውም። የሙከራ ቅጂዎቹን መስማት ለምትፈልጉ፣ ባለቤቶቻቸው ክፍት ያሏቸውን ሦስቱን ከነእርማታቸው ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዘናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኅብረ ዝማሬው ቡድን አስተባባሪዎች