ከስድቡ ይልቅ የተጠቆመው ጣት

ኅዳር 2014 ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች የፌስቡክ ግሩፕ አለን፤ ከአድሚኖቹ አንዱ እኔ ነኝ። ማታ 2 ሰዓት ገደማ አንድ ፎቶ ተለጠፈ። የሱቅ በር ነው። አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ የተደረደረ የታሸገ ውሃ፣ ጥግ ላይ የከሰል ጆንያ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «የዚህ ሱቅ ባለቤት ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።»

ስድብ የለበትም። የብሔር ስም የለበትም። ምቱ፣ አባሩ አይልም። ግን አገሩ ጦርነት ላይ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ሰው በስሙ፣ በአነጋገሩ ይጠረጠራል። ሰፈሩን የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደተባለ ገብቶታል። እኔም ገብቶኛል። እንዲያም ሆኖ 40 ደቂቃ አመነታሁ፤ ከዚያ አጠፋሁት። የለጠፈው ልጅ ወዲያው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፦ «ሐሳቤን የመግለጽ መብቴን ነጠቅከኝ።»

የጥላቻ ንግግር ይታፈን ወይስ ይለቀቅ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያ በር ይመጣብኛል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ መውረድ አለበት፣ ያውም በፍጥነት። ግን ማን ያውርደው የሚለው ላይ ብዙ ሰው ከሚለው የተለየ ሐሳብ አለኝ።

አጎቴ በዚህ ጉዳይ አይስማሙኝም። በደርግ ዘመን ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ወረቀት ተገኝታ 3 ዓመት ታስረዋል። አንድ እሑድ ቡና ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ያኔ ወረቀቷ ‹ፀረ ሕዝብ› ናት ነበር የተባለው። ፀረ ሕዝብ ምን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ያሰረኝ ሰው ራሱ ነው። እናንተ አሁን ስሙን ‹ጥላቻ› ብላችሁታል። ወሳኙስ ተቀየረ ወይ?»

ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያረጋግጣል። ያው አንቀጽ በሥራ ላይ እያለ ነው የዞን 9 ጦማሪያን በ2006 ታስረው በሽብር የተከሰሱት። በ2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት አካባቢ። የጥላቻ ጽሑፍ ቆመ፣ እሺ። ነገር ግን ልጇ የት እንዳለ የምትጠይቀዋ እናትም አብራ ዝም እንድትል ተደረገች።

በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጣ። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ለትምህርት፣ ለዜና፣ ለኪነ ጥበብ የተተወ ክፍተት አለው፤ ይሄ ጥሩ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያወርዱ ይላል። በወረቀት ላይ ሲታይ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

ታዲያ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ለምን አላዳናቸውም?

ፕሮፌሰሩ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር። ትግራዋይ ናቸው። መስከረም 2014 መጨረሻ ላይ ስማቸውንና ፎቷቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጡ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲወርዱ ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን አባቱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። እንደ ልጃቸው ክስ፣ ከጽሑፎቹ አንዱ እንደሚወርድ ኩባንያው መልስ የሰጠው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። መጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ልብ በሉ፣ አዋጁ ያኔ ነበረ። 24 ሰዓቱም ተጽፎ ነበር። የጎደለው እስር ቤት አልነበረም። የጎደለው አማርኛ የሚያነብ፣ ያ ሰው በዚያ ከተማ በዚያ ሳምንት ምን አደጋ ላይ እንደወደቀ የሚገባው፣ «አውርድ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ነበር። ጸሐፊውን ከዓመት በኋላ ብታስረው ሟቹ አይነሳም።

ይህን ሥራ ለመንግሥት ብቻ እንስጠው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ምክንያቴም ፕሮፌሰሩ ከተገደሉበት ከዚያው ወር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕወሓትን ስለመቅበር የጻፉትን ፌስቡክ ሁከት የሚያነሳሳ ነው ብሎ አወረደው። ሰው የፈለገውን አቋም ይያዝበት። ግን ዳኛው መንግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ የመንግሥትን ቃል ማን ያየው ነበር?

ኩባንያው ብቻውን ይወስን ማለትም ሌላ ጣጣ አለው። «ጁንታ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። የጦር አመራርን ለመተቸት የተጠቀመበት አለ። ያንኑ ቃል ከጎረቤቱ ሴት ጋር አያይዞ የጻፈም አለ። ቃሉ አንድ ነው፣ ፊደሉ አንድ ነው። ኮምፒውተር ቃሉን ብቻ እያየ ቢያጠፋ የመጀመሪያውን ሰው አፍኖ የሱቁን ፎቶ ያሳልፋል፤ የሱቁ ፎቶ ላይ የሚያዝ ቃል የለማ።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጡት የራባት ሰነድ እዚህ ላይ ይረዳል። ስድስት ነገር እዩ ይላል፦ ጊዜውና ሁኔታው፣ የተናጋሪው ማንነት፣ ዓላማው፣ የተባለው ነገርና አባባሉ፣ ስንት ሰው ጋር እንደደረሰ፣ ጉዳት የማድረሱ ዕድል። ሱቁን በዚህ ስመዝነው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም ያላለ መስሎ ጊዜው ግን ሁሉን ይናገራል። መንግሥትን መስደብ፣ ፓርቲን ማንቋሸሽ፣ ታሪክን በሚያናድድ መንገድ መጻፍ ግን በዚህ ሚዛን አይወድቅም። ይናደድ የተናደደ፤ ይመልስለት። የሰውን ፎቶ፣ ቤትና መሥሪያ ቤት አውጥቶ ለተቆጣ ሕዝብ ማሳየት ግን ሐሳብ መግለጽ አይደለም። ጣት መጠቆም ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ። በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ አውቶቡስ ላይ የተሰደበችውን ስድብ እንዳለ ጽፋ ለጠፈች። ስድቡን ሳይ ደነገጥኩና ሳላነብ አጠፋሁት። ለካ እየተናገረች የነበረው የደረሰባትን በደል ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ግን ከግሩፑ ወጣች፣ አልተመለሰችም። ስለዚህ ነው የሚያጠፋ ሁሉ ለምን እንዳጠፋ መጻፍ አለበት የምለው። ይግባኝ የሚሰማ ሌላ ሰውም ያስፈልጋል። አሁን ግሩፓችን ውስጥ ሦስት ነን፤ ከተለያየ አካባቢ የመጣን። አንዱ ያጠፋውን ሌሎቹ ያዩታል። ጣት ጥቆማ ሲሆን ግን ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ያወርዳል።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሙኝ። በአዋጁ አልተስማሙም፤ ሦስት ሰዎች መሆናችንን ግን ወደዱት። ከዚያ ስለ ሱቁ ጠየቁኝ።

«40 ደቂቃ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በዚያ መሀል ወጣ ወይ?»

ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሌላ ከተማ አንድ ዘመዴ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። አረንጓዴው ቆርቆሮ፣ ውሃው፣ የከሰሉ ጆንያ። «ይሄ እናንተ ሰፈር አይደለም እንዴ?» ይላል። ባለቤቱ በዚያው ሳምንት በሩን ቆልፎ ሄዷል። የት እንደሄደ የጠየቅኩት ሁሉ አያውቅም።