የአምስት ኮምፒውተር ዕቅድ፦ የቀድሞ ቅጂዎች፣ የጠፉ ፋይሎች እና የኮምፒውተር ብዛት

ይህን የጻፍነው የአምስት ኮምፒውተር የክላውድ ባክአፕ ዕቅድን ለመረጡ ደንበኞቻችን ነው። አብዛኛው ሰው እነዚህን ደንቦች የሚጠይቀን ፋይሉ ከጠፋ በኋላ ነው። እባክዎ ዛሬ፣ ምንም ሳይጠፋ ያንብቡት።

የቀድሞ ቅጂዎች፦ 12 ወር

ፋይልዎን ለውጠው ሴቭ ሲያደርጉ የፊተኛውን ቅጂ አንጥለውም። እስከ 12 ወር ድረስ እናቆየዋለን። ሁሉንም ቅጂ ግን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ፋይሉ እየተለወጠ ከሆነ፣ በየ15 ደቂቃው አንድ ቅጂ እንይዛለን። ከዚያ እስከ 30ኛው ቀን ከየቀኑ የመጨረሻው ብቻ ይቀራል። ከ30 ቀን በኋላ ደግሞ ከየሳምንቱ አንድ።

ለምሳሌ ማክሰኞ ጠዋት ከሪፖርትዎ ላይ አንድ ገጽ ቆረጡ እንበል። ማታውኑ ቢፈልጉት ያገኙታል። ከሦስት ወር በኋላ ከመጡ ግን የሚያገኙት በዚያ ሳምንት መጨረሻ የነበረውን ቅጂ ነው። የተቆረጠው ገጽ እዚያ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ስህተት ሲያዩ ቶሎ ይምጡ።

ለዓመታት ያልተነካ ፋይልስ? አይጨነቁ። ኮምፒውተርዎ ላይ እስካለ ድረስ የመጨረሻው ቅጂ እኛ ጋ ይኖራል። የ12 ወሩ ገደብ የሚመለከተው የቆዩትን ቅጂዎች ብቻ ነው።

የተሰረዘ ፋይል፦ 60 ቀን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቅጂዎች 12 ወር ይቆያሉ» ሲባል የተሰረዘ ፋይልም 12 ወር የሚቆይ ይመስላል። አይቆይም። ፋይሉን ከኮምፒውተርዎ ካጠፉት፣ የመጨረሻውም የቀድሞዎቹም ቅጂዎች ለ60 ቀን ብቻ ይቆያሉ። በ61ኛው ቀን ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ እኛም ልንመልሰው አንችልም።

ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ፕሮግራማችን ፋይሉ አለመኖሩን ሲያይ ነው። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያለ ፋይልም ከቦታው ስለተነሳ እንደተሰረዘ ይቆጠራል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ ወይም ኢንተርኔት ከሌለው ቆጠራው አይጀምርም።

የፋይል ስም መቀየርም እንደ መሰረዝ ነው። አዲሱ ስም አዲስ ፋይል ይሆናል፤ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች በአሮጌው ስም ስር 60 ቀናቸውን ይቆጥራሉ። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ግን ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ቫይረሶች ብዙ ጊዜ የፋይሉን ስም መጨረሻ ይቀይራሉ። ያን ጊዜ ደህናው ፋይልዎ እንደተሰረዘ ይቆጠራል፤ የቀረዎትም 12 ወር ሳይሆን 60 ቀን ነው። እንዲህ ካጋጠመዎት ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ይንቀሉትና ወዲያው ይደውሉልን። ከጥቃቱ በፊት ያለ ቀን መርጠን ሙሉ ፎልደሩን በንጹህ ኮምፒውተር ላይ እንመልስልዎታለን።

የሚሸፈኑት ኮምፒውተሮች፦ 5

ዴስክቶፕም ላፕቶፕም፣ ዊንዶውስም ማክም ይሁን፣ እያንዳንዱ እንደ አንድ ይቆጠራል። ሦስት ሰው በተለያየ አካውንት የሚጠቀምበት ላፕቶፕ ያው አንድ ነው። ስልክ፣ ታብሌት እና ሰርቨር በዚህ ዕቅድ አይሸፈኑም።

በኬብል የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ለብቻው አይቆጠርም፤ ከተሰካበት ኮምፒውተር ጋር ይሸፈናል። ግን ለ60 ቀን ሳይሰካ ከቀረ በላዩ ያለው ሁሉ እንደተሰረዘ ይታያል፤ ቅጂውም ወዲያው ይነሳል። ፎቶዎን መሳቢያ ውስጥ ባለ ዲስክ ላይ የሚያኖሩ ከሆነ፣ በወር አንዴ ሰክተው ፕሮግራሙ እስኪጨርስ ይጠብቁ።

ኮምፒውተር ሲቀይሩ «አስወግድ» የሚለውን አይጫኑ። «ወደ አዲስ ኮምፒውተር አዛውር» የሚለውን ይምረጡ። ካስወገዱት የዚያ ኮምፒውተር ባክአፕ በሙሉ ከ60 ቀን በኋላ ይጠፋል። ላፕቶፕዎ ቢሰረቅም እንደዚሁ፦ ፋይልዎን አውርደው እስኪጨርሱ ድረስ ከዝርዝሩ አይንኩት። ለ6 ወር ከእኛ ጋር ያልተገናኘ ኮምፒውተር ባክአፑ ይሰረዛል፤ በ3ኛውና በ5ኛው ወር በኢሜይል እናስታውስዎታለን።

አዲስ የጨመሩት ኮምፒውተር የመጀመሪያው ጭነት እስኪያልቅ ሙሉ ጥበቃ የለውም። 200 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 4 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ሳይቋረጥ። እስከዚያ ድረስ ሌላ ቦታ ያለዎትን ቅጂ አያጥፉ።

ስድስተኛ ኮምፒውተር ለመጨመር ቢሞክሩ ፕሮግራሙ አይቀበልም። ከአምስቱ አንዱን በራሱ አውጥቶ ቦታ አይለቅም። የሚወጣውን የሚመርጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።