ስለሚጥል በሽታ የምናምናቸው ስህተቶችና እውነታዎቻቸው

ስላይድ 1
የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ድንገት ሲወድቅ በቅን ልቦና የምናደርገው ነገር ሊጎዳው ይችላል። ወደ ቀጣዩ ስላይድ ይለፉ።

ስላይድ 2 | የተሳሳተ እምነት
የወደቀ ሰው የክብሪት ጭስ ካሸተተ ቶሎ ይነቃል።

ስላይድ 3 | እውነታው
መንቀጥቀጡ የሚመጣው የአንጎል ሕዋሳት ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ መልእክት በአንድ ጊዜ ሲለቁ በመሆኑ ጭስ ሊያስቆመው አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ስለሚያበቃ ግን ክብሪቱ ያስነሳው ይመስላል። ይልቁንም በዙሪያው ያሉትን ስለታም ነገሮች ያርቁ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ አጥፈው ከጭንቅላቱ ሥር ያድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃም በጎኑ ያስተኙት። ሰዓት መያዝዎን አይርሱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ስላይድ 4 | የተሳሳተ እምነት
ምላሱን እንዳይውጥ በጥርሶቹ መካከል ማንኪያ መክተት ያስፈልጋል።

ስላይድ 5 | እውነታው
ምላስ አይዋጥም፤ ማንኪያው ግን ጥርስ ሊሰብር ይችላል።

ስላይድ 6 | የተሳሳተ እምነት
አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል።

ስላይድ 7 | እውነታው
በሽታው በምራቅም ሆነ በንክኪ አይተላለፍም። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ምድጃ ዳር የወደቀ ሰው እንኳ የሚያነሳው ማጣቱ እጅግ ያሳዝናል።

ስላይድ 8 | የተሳሳተ እምነት
ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒቱን ማቆም አለበት።

ስላይድ 9 | እውነታው
መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ጸበሉን እየተጠመቁም ፌኖባርቢታልን ወይም ሐኪም ያዘዘውን ሌላ መድኃኒት በየቀኑ በሰዓቱ መውሰድ ይገባል።