ጥያቄ 14 (10 ማርክ)

እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች፣ ከታች በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ ያለው መንጋጋ ከረሜላ ስትበላ ይጠዘጥዛታል። እናትየው "የወተት ጥርስ ስለሆነ ንቀሉላት፣ ሌላ ይበቅልላታል" ትላለች። አፏ ሲታይ የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ተቀይረዋል፣ ሁለቱም የወተት መንጋጋዎች በቦታቸው አሉ፣ ከነሱ ኋላ ያለው ግን ስንጥቁ ጠቁሯል፣ ጎኑ ላይም ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነገር አለ።

1. የታመመው የቱ ነው? (3)
ሀ) ሁለተኛው የወተት መንጋጋ
ለ) የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ
ሐ) ሁለተኛው ቋሚ መንጋጋ
መ) ፕሪሞላር

2. ለእናትየው ምን ትሏታላችሁ? (2)

3. ነጩ ምልክት እንዴት መጣ? (5)

መልስ፦ 1 ለ ነው፣ 6 ዓመት አካባቢ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ብቅ ስለሚል ነው ወላጆች የሚሸወዱት፤ ሐ ያላችሁ እድሜዋን አላያችሁም፣ እሱ 12 አካባቢ ነው የሚወጣው። 2፦ ቋሚ ነው፣ ከተነቀለ ምትክ የለውም። 3፦ ፕላክ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፣ ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ካልሲየምና ፎስፌት ከኢናሜሉ ይወጣል፣ ላዩ ሳይበሳ ከስር ይሳሳል፤ ነጩ ገና በፍሎራይድ ሊመለስ ይችላል፣ ይህን ያልጻፈ 1 ማርክ ይቀነስበታል።