ስለ ጉርድሽ ዚፕ

እህቴ፣

ጠረጴዛዬ ላይ የተውሽልኝን ጉርድ አየሁት። ዚፑ ምንም አልሆነም፤ ሌላ አትግዢ። ዘግቼ ስዘረጋው የቀኙ ጎን ልጥፍ ብሎ ተኝቷል፣ የግራው ግን ይሸበሸባል። ሽብሽቡን እየተከተልኩ በሜትር ስለካው የዚፑ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር፣ እሱ ላይ የተሰፋው ጨርቅ ግን 20.8 ሆነ። ስምንቷ ሚሊ ሜትር መሄጃ ስታጣ ነው የምትነሳው።

ትርፉ የመጣው ከሁለት ነገር ነው። የዳሌው መስመር ሰያፍ ስለተቆረጠ ትንሽ ሲሳብ ይረዝማል፤ ዚፑ ግን አይለጠጥም። በዚያ ላይ ዚፑን ከላይ፣ ጨርቁን ከታች አድርገሽ ሰፍተሻል። የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ቶሎ ቶሎ ሲገፋ እግሩ የላይኛውን ያዘገየዋል፤ በየስፌቱ ጥቂት ጥቂት ትርፍ ጨርቅ ይገባል ማለት ነው። ቀኙን መጀመሪያ በእጅ በክር ይዘሽው ነበር፣ ክሩ አሁንም አለበት። ግራውን ግን በስፒል ብቻ አለፍሽው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

የግራውን ብቻ ተርትሪ፤ ቀኙን አትንኪው። የተፈታውን ጠርዝ በእንፋሎት ተኩሺው፣ ግን ካውያውን እያነሳሽ አስቀምጪ እንጂ አትጎትቺው፤ መጎተት ራሱ ያረዝመዋል። ከዚያ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 22 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በካውያ የሚለጠፍ ስስ ማጠንከሪያ ቁረጪና በውስጥ በኩል ከጨርቁ ጠርዝ ጋር አስተካክለሽ ለጥፊ። የስፌት ትርፍሽ 1.5 ስለሆነ ማጠንከሪያው የስፌቱን መስመር በ1 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ሳያልፈው ከቀረ አይጠቅምም። ስትለጥፊ የጠርዙ ርዝመት ከፓተርኑ ጋር እኩል መሆኑን ለኪ፣ አለዚያ ትርፉን ራሱን አጠንክረሽ ታስቀሪዋለሽ።

ዚፑ ላይም ጨርቁ ላይም በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ምልክቶቹን አገናኝተሽ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርገሽ ያዢው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው፣ መተርተር ግን ከዚያ ይብሳል።

በዚፕ እግር፣ የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገሽ፣ ከታች ወደ ወገብ ስፊ። እጅሽ ይምራ እንጂ አይሳብ። የዚፑ መያዣ ጋ ስትደርሺ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተክለሽ እግሩን አንሺ፣ መያዣውን ወደ ኋላ አሳልፊውና ቀጥዪ። መኪናሽ የእግሩን ጫና ማስተካከያ ካለው ትንሽ አላዪው።

ከዚህ በኋላም ስፌቱ ዳር ላይ ጥቃቅን ጭምድድ ካየሽ እሱ ሌላ ነው፦ የክሩ ውጥረት በዝቷል። በቁራጭ ጨርቅ እየሞከርሽ የላይኛውን ክር ቀስ በቀስ አላዪ። ጨርቁ ተኝቶ ዚፑ ራሱ ጉብ ጉብ ካለ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ የረዘመው ዚፑ ነው።

ስትጨርሺ በውስጥ በኩል ተኩሺ፣ የዚፑ ጥርስ ፕላስቲክ ስለሆነ ካውያው እንዳይነካው። ሳታጥቢው ሐሙስ ይዘሽው ነይ።