ልጆቻችሁ ጫማ እየደጋገሙ የሚስሉት ለምንድን ነው?

ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት የልጃቸውን የሥዕል ደብተር ይዘው መጡ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ጫማ ነው እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስድስት ገጽ ሙሉ አንድ አሮጌ ጫማ። ቀጥለው ልጅቷ አምና ከኢንተርኔት ፎቶ እያየች የሳለችውን አንበሳ ከስልካቸው አሳዩኝ። አንበሳው ያምራል፣ አልዋሽም። ጫማው ግን ተንጋዷል። ልጄ ወደ ኋላ እየሄደች ነው ወይ? ነበር ጥያቄያቸው። በዚያ ግርግር መሃል የሰጠሁት መልስ እኔኑ ስላላረካኝ፣ ረጋ ብዬ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ አስቀምጬ «ሳሉ» እላለሁ። አብዛኛው ተማሪ የብርጭቆውን አፍ ድብልብል ክብ ያደርገዋል። ታቹን ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ። አፉ ክብ መሆኑን ያውቃላ! ጠረጴዛው ጠፍጣፋ መሆኑንም ያውቃል። ከተቀመጠበት ሆኖ ሲያየው ግን ብርጭቆው እንደዚያ አይደለም። አፉ ጠበብ ያለ ሞላላ ነው። ታቹም ይጎብጣል፤ እንዲያውም ከዓይን ከፍታ ይበልጥ ስለሚርቅ ከአፉ የባሰ ይጎብጣል። እጁ የሳለው የሚያውቀውን እንጂ የሚያየውን አይደለም።

ፊት ሲስሉም ያው ነው። ዓይንን ወደ ግንባር ይሰቅሉታል። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ ለኩት፤ ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርዝመት ዓይን ያለው መሃል አካባቢ ነው። በየቀኑ ስንት ፊት እያየን ይህን አለማስተዋላችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከፎቶ መገልበጥ ክልክል አይደለም። ችግሩ፣ ፎቶ ላይ ግማሹን ሥራ ካሜራው ጨርሶታል። የትኛው ይታይ፣ የትኛው ይቆረጥ የሚለው ተወስኗል፤ ነገሩም ወረቀት ላይ ተኝቷል። እውነተኛ ጫማ ግን አንገትህን ዘንበል ስታደርግ ይለወጣል። ብርሃኑ ሲዞር ጥላውም ይዞራል። ተማሪው ራሱ መለካትና መወሰን አለበት። ስለዚህ ልጃችሁ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ክንዷን ዘርግታ፣ እርሳስ ወደ ቴሌቪዥኑ ስትቀስር ብታዩ አትደንግጡ። እየለካች ነው።

«ልጄ ሐኪም ነው የሚሆነው፣ ሥዕል ምን ያደርግለታል?» ለምትሉኝ፣ ስለ ሁለት የነርቭ ተመራማሪዎች ልንገራችሁ። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የነርቭ ሕዋስን በማይክሮስኮፕ አጉልቶ የሚያሳይ ማቅለሚያ ፈለሰፈ፤ ሕዋሶቹም ተያይዘው አንድ መረብ የሠሩ መሰለው። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በዚያው ማቅለሚያ እየተጠቀመ፣ ያየውን ለዓመታት በእጁ ሳለ። እያንዳንዱ ሕዋስ ለየብቻው ነው አለ። ልክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማቱን ሁለቱም ተጋሩት። የካሃል ሥዕሎች ዛሬም ይታያሉ።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 20 ደቂቃ ብቻ። ቤት ያለ ማንኛውም ነገር ይሆናል፤ ቁልፍ፣ ወንበር፣ የተጣለ ሸሚዝ። ወንበር ከመረጡ በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንዲስሉ ነግሬያቸዋለሁ። ለባዶ ቦታ አእምሯችን የተዘጋጀ ምስል ስለሌለው የግድ ማየት ይጠይቃል። ላጲስ የለም። የተሳሳተው መስመር ይቆይና ትክክለኛው ከጎኑ ይሰመር፤ የት እንደተስተካከለ ማየት እፈልጋለሁ። ነጥብ የምሰጠውም ለዚያ ነው፣ ለማማሩ አይደለም።

አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ አትሳሉላቸው። የአዋቂ እጅ ያስታውቃል፣ አምና ሦስት ደብተር ላይ ለይቻለሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መሳቅም ይቅር። በዚህ ዕድሜ አንዴ የተሳቀበት ልጅ እርሳሱን ያስቀምጣል፣ መልሶ ማስያዙ አበሳ ነው። ይልቅ አጠገባቸው ቁጭ በሉና «ጥላው በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያቺ ጫማ የሳለችው ልጅ መጀመሪያ ገጿ ላይ ማሰሪያው ሁለት የኤክስ ምልክት ብቻ ነበር። ስድስተኛው ገጽ ላይ ማሰሪያው በየቀዳዳው ይገባል፣ አንደኛው ጫፉም ተተልትሏል። ተረከዙ ደግሞ በውጭ በኩል ተበልቷል። አባቷ ይህን ሳሳያቸው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ አዩ።

በሚቀጥለው ሳምንት እጃቸውን ይስላሉ። ጥያቄ ካላችሁ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥዕል ክፍል ውስጥ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የ9ኛ ክፍል የሥነ ጥበብ መምህር